ድረ ገጹን ለሌላ ሰው ስታስረክብ ማስታወሻው ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ በፍሪላንስ ሠርቼ ለዓመታት ስከታተለው ነበር። በዎርድፕረስ የተሠራ ነው፤ ክፍል ማስያዣ ፎርምም አለው። አሁን ለትምህርት ወደ ውጭ ልሄድ ነው፤ የማረፊያው ባለቤት የሆኑት ወይዘሮም በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ቀጥረዋል። ፓስዎርዶቹን በሙሉ ጽፌ ብሰጠው ይበቃል ወይስ የምጨምረው ነገር አለ?

መልስ፦ አይበቃም። ከሌላ ሰው በተረከብኳቸው ድረ ገጾች ላይ ሥራ ሲቆም ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ከብዶኝ አይደለም። አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ፣ ክፍያው ከማን ካርድ እንደሚቆረጥ፣ የማረጋገጫ ኮዱ በማን ስልክ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ስለሚጠፋ ነው። ማስታወሻህን ከእነዚህ ጀምር፤ ስለ ኮዱ በኋላ ትደርስበታለህ።

የመጀመሪያው ዶሜይኑ ነው። ሆስቲንጉ ቢበላሽ ባክአፕ ካለ በአንድ ቀን ሌላ ቦታ ይነሳል፤ ዶሜይኑ ከእጅ ከወጣ ግን ስሙም፣ በስሙ የሚሠራው ኢሜይልም አብሮ ይሄዳል። ዶሜይኑን የገዛህበት አካውንት ውስጥ ግባና በባለቤትነት የተመዘገበው የማን ስምና ኢሜይል እንደሆነ ተመልከት። ያንተ ከሆነ፣ ከመሄድህ በፊት ወደ ማረፊያው ባለቤት ስምና ኢሜይል አዙረው። ወደ አዲሱ ልጅ አታዙረው፤ እሱም ነገ ይሄዳል። እንደ `.com` ባሉ ዶሜይኖች ላይ ይህን ለውጥ ስታደርግ ማረጋገጫ በአሮጌውም በአዲሱም ኢሜይል ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ሁለታችሁም ኢሜይላችሁን መክፈት በምትችሉበት ቀን አድርጉት። ከለውጡ በኋላ ዶሜይኑ ወደ ሌላ ሻጭ ድርጅት እንዳይዛወር ለ60 ቀን ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ባለቤት መቀየርንና ድርጅት መቀየርን በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አታቅድ፤ ባለቤቱን ብቻ ቀይርና ቀሪውን በማስታወሻው ላይ ጻፍለት።

ክፍያውን በተመለከተ የእኛን አገር ሁኔታ ታውቀዋለህ። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር የብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ዶሜይንና ሆስቲንግ የሚከፈለው ውጭ ባለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካርድ ነው። የአንተም እንደዚያ ከሆነ ሳትደብቅ ጻፈው፦ ካርዱ የማን ነው፣ የካርዱ ጊዜ የሚያልቀው መቼ ነው፣ ገንዘቡስ ለባለካርዱ በምን መንገድ ይተካለታል። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ እድሳቱ ዝም ብሎ ይከሽፋል፤ ማስጠንቀቂያውም ብዙ ጊዜ የሚሄደው አካውንቱ ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው። `.com` ዶሜይን ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ነገር ግን የማስመለሻው ክፍያ ከዓመታዊው ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ቀኖቹን ስትጽፍ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፋቸው። «ዶሜይኑ ማርች 14 ቀን 2026፣ ማለትም መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል» ብትል ባለቤቷም ራሳቸው በቀን መቁጠሪያቸው ላይ ምልክት ያደርጉበታል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ በUTC የሚቆጥር ከሆነና ባክአፑ 00:00 ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ይህ ካልተጻፈ አዲሱ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ሥራ ጨርሶ ባክአፑ የእሱን ለውጥ እንደያዘ ወይም እንዳልያዘ ማወቅ አይችልም።

የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው የት እንደሚገባ ከአሁኑ አጣራ። አንተ ውጭ ስትሆን የኢትዮጵያ ሲምህ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ማንም መግባት አይችልም። በየአካውንቱ ገብተህ ስልክ ቁጥሩን ወደ ባለቤቷ ቀይር፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹንም አትመህ በእጃቸው ስጣቸው። ፓስዎርዶቹን ራሳቸውን ማስታወሻው ላይ አትጻፍ። ማስታወሻው በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ወረቀት ነው። ማስታወሻው የትኛው አካውንት የት እንዳለ ይናገር፤ ፓስዎርዱ በፓስዎርድ ማስቀመጫ ውስጥ ይሁን። የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ለአዲሱ ልጅ የራሱን መግቢያ ፍጠርለት።

ቀጥሎ ኢሜይሉ ነው፤ ብዙ ርክክብ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ድረ ገጹ ያለበትና ኢሜይሉ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። አዲሱ ልጅ ሆስቲንግ ቀይሮ ኔምሰርቨሩን ወደ አዲሱ ድርጅት ሲያዞረው ድረ ገጹ ያለ ችግር ይከፈታል፤ እሱም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የኢሜይል መዝገቡን አብሮ ካልቀዳው ግን ለማረፊያው የሚላክ ኢሜይል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይደርስም። ዛሬ ያለውን ሁኔታ በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች አውጣና ውጤቱን እንዳለ ማስታወሻው ላይ ለጥፍለት፦

```
nslookup -type=ns example.com
nslookup -type=mx example.com
```

የመጀመሪያው መዝገቦቹን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ኢሜይሉ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር፦ «ኔምሰርቨር ከመቀየርህ በፊት የMX እና የTXT መዝገቦችን በሙሉ ወደ አዲሱ ቦታ ቅዳ።»

የክፍል ማስያዣው ፎርም በማን አድራሻ ነው ኢሜይል የሚልከው? ብዙዎቻችን ሥራ ለማቅለል የራሳችንን ጂሜይል አካውንት ከፍተን፣ የአፕ ፓስዎርድ አውጥተን ፕለጊኑ ላይ እናስገባለን። ጉግል የአካውንትህን ፓስዎርድ ስትቀይር እነዚያን የአፕ ፓስዎርዶች ይሰርዛቸዋል። አንተ ከወራት በኋላ ውጭ ሆነህ ለደህንነትህ ፓስዎርድህን ትቀይራለህ፤ እዚህ የማረፊያው ፎርም መላክ ያቆማል። አንዳንድ የፎርም ፕለጊን ኢሜይሉ ባይሄድም ለእንግዳው «ጥያቄዎ ደርሶናል» ብሎ ስለሚያሳይ፣ ጥፋቱ የሚታወቀው እንግዳ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ነው። ከመሄድህ በፊት መላኪያውን በማረፊያው በራሱ ኢሜይል ተካው። ከዚያ ከሌላ አድራሻ እውነተኛ ጥያቄ ላክና ባለቤቷ ስልክ ላይ መድረሱን በዓይንህ እይ። በማስታወሻው ላይም አዲሱ ልጅ ይህንኑ ሙከራ በየወሩ መጀመሪያ እንዲደግመው ጻፍ።

አሁን ወደ ኮዱ። የዎርድፕረስን አሠራር ለልጁ ማስረዳት አያስፈልግህም፤ ያውቀዋል። የማያውቀው አንተ በእጅህ የነካካኸውን ነው። አንድ ፕለጊን ፋይል ውስጥ ገብተህ የብር ምልክቱን አስተካክለህ ከሆነ፣ እሱ በቅን ልቦና ማዘመኛውን ሲጫን ለውጥህ ይጠፋል። የትኛውን ፋይል እንደነካህ በቃልህ ለማስታወስ አትሞክር፤ ሰርቨሩ ይንገርህ፦

```
wp core verify-checksums
wp plugin verify-checksums --all
```

እነዚህ የWP-CLI ትእዛዞች ፋይሎቹን ከዎርድፕረስ ዋና ማከማቻ ካለው ጋር ያመሳክራሉ፤ የተለወጠ ፋይል ካለ በስሙ ይጠሩታል። በገንዘብ የተገዙ ፕለጊኖችንና ማንኛውንም ቴም ግን አይመረምሩም፤ እነዚያን ከምንጫቸው በምታወርደው ንጹሕ ቅጂ ራስህ ማመሳከር አለብህ። የተገኘውን ለውጥ ሁሉ ወደ ቻይልድ ቴም ወይም ወደ ትንሽ የራስ ፕለጊን አሻግረው። ማሻገር የማትችለው ካለ፣ የፋይሉን አድራሻና ለምን እንደተለወጠ ጻፍ። ይህን «ለምን» አትዝለለው። ልጁ ምክንያቱን ካላወቀ አንድ ቀን ስሕተት መስሎት ይሰርዘዋል።

የተገዛ ፕለጊን ወይም ቴም ካለ ፈቃዱ በማን አካውንት እንደሆነ ጻፍ። ያንተ ፈቃድ ለብዙ ደንበኞች የሚያገለግል ከሆነና ይዘኸው የምትሄድ ከሆነ፣ ባለቤቷ የራሳቸውን መግዛት እንዳለባቸው ዋጋውን ጠቅሰህ አሁኑኑ ንገራቸው። ፈቃዱ ሲያበቃ ፕለጊኑ ብዙ ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የደህንነት ማዘመኛ ግን አይመጣለትም። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

ይህን ሁሉ ጽፈህ ስትጨርስ ማስታወሻውን ለልጁ ስጠውና አጠገቡ ተቀመጥ። ማስታወሻውን ብቻ እያነበበ የመጨረሻውን ባክአፕ በንዑስ ዶሜይን ላይ ያስነሳ፤ አንተ አትናገር። እሱ የቆመበትና የጠየቀህ ቦታ ሁሉ ከማስታወሻው ላይ የጎደለ ነው፤ እዚያው ጻፈው። በተለይ አንድ ቦታ ላይ አደጋ አለ። ከባክአፑ የወጣው `wp-config.php` የሚያመለክተው ዋናውን ዳታቤዝ ነው። ይህን ሳይቀይር ባክአፑን ካስገባ፣ አሮጌው መረጃ በሚሠራው ድረ ገጽ ላይ ይገለበጣል። መጀመሪያ በሙከራው ፎልደር ውስጥ ባዶውን የሙከራ ዳታቤዝ ስም ያስገባ፤ የመጀመሪያው መስመር የሚያወጣው ስም የሙከራው መሆኑን በዓይኑ ካየ በኋላ ብቻ ወደ ሁለተኛው ይለፍ፦

```
wp config get DB_NAME
wp db import backup.sql
wp search-replace 'https://example.com' 'https://test.example.com' --skip-columns=guid
```

አድራሻውን በጽሑፍ ማረሚያ SQL ፋይሉ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀይር ንገረው። ዎርድፕረስ ብዙ ቅንብሮችን ከፊደላቸው ብዛት ጋር ስለሚያስቀምጥ፣ ብዛቱ ሳይስተካከል ቃሉ ብቻ ሲለወጥ ቅንብሩ አይነበብም። በሙከራው ቅጂ ላይ የኢሜይል መላኪያውንም ያጥፋ፤ አለበለዚያ የድሮ የክፍል ማስያዣ ማስታወሻዎች ለእውነተኛ እንግዶች ሊላኩ ይችላሉ።

የመጨረሻው ሥራ አንተ መውጣትህ ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ጠብቅ። ልጁ በራሱ መግቢያ ሁሉም ቦታ መግባቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ያንተን የአድሚን አካውንት እሱ ያጥፋው እንጂ አንተ አታጥፋው። ዎርድፕረስ ተጠቃሚ ሲሰረዝ ይዘቱ ምን ይሁን ብሎ ይጠይቃል። `Delete all content` ከተመረጠ አንተ የፈጠርካቸው ገጾች፣ ምናልባትም የማረፊያው ክፍሎች በሙሉ አብረው ይጠፋሉ። `Attribute all content to` የሚለውን መርጦ ሥራህን ወደ ባለቤቷ አካውንት ያዙረው። ይህን በማስታወሻው ላይ በደማቅ ጽፈህ፣ እሱ ሲያደርገው ስልክ ላይ ሁን።