የወይራ ዘይት፣ ሺያ በተር ወይስ ክሬም? ችፌ ላለበት ልጅ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ የክርኑና የጉልበቱ እጥፋት እየደረቀ ሌሊት ሁሉ ያካል። ጤና ጣቢያ ችፌ ነው አሉኝ። እናቴ የወይራ ዘይት እየቀባችው ነው። እህቴ ከአሜሪካ ሺያ በተር ልካልኛለች፣ ገበያ ደግሞ የኮኮዋ በተር አይቻለሁ። የፋብሪካ ክሬም ውድ ነው። የትኛው ይሻለዋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የወይራ ዘይቱን ያቁሙት። እናትዎን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጤነኛ የሕፃን ቆዳ ብዙ ነገር ይችላል። ችፌ ያለበት ቆዳ ግን ሌላ ነው። የላይኛው ቆዳ ሴሎች እርስ በርስ የተያያዙት በስብ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ምርጊት አድርገው ያስቡት። በልጅዎ ቆዳ ላይ ይህ ምርጊት ሳስቷል፤ ውሃው ከውስጥ ይተናል፣ ሳሙናና አቧራ ከውጭ ይገባል። በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው ኦሌይክ አሲድ ደግሞ ምርጊቱን ይብስ ያላላዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት አዋቂ ሰዎች ክንዳቸውን በቀን ሁለቴ በጥቂት ጠብታ የወይራ ዘይት ለ4 ሳምንት ሲቀቡ ችፌ ይዟቸው የማያውቅ እንኳ ቆዳቸው ተጎድቷል፣ ቀላ ብሏልም። የሱፍ ዘይት ይህን ጉዳት አላደረሰም።

ሺያ በተር የሚገኝበት ዛፍ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ሱዳንና ኡጋንዳ ይበቅላል፤ እኛም ጋምቤላ ውስጥ አለን። ቅቤው በሰውነት ሙቀት ስለሚቀልጥ ቆዳ ላይ ተዘርግቶ ውሃው እንዳይተን ይከድናል። የረጋው ቅቤ እንደ አሸዋ ቢቆረቁር አይጨነቁ፤ ቀልጦ ቀስ ብሎ ሲረጋ እንዲህ ይሆናል። የሻገተ ወይም የቆየ ዘይት ሽታ ካለው ግን ይጣሉት። እሱም ኦሌይክ አሲድ ስለማያጣ ለልጅዎ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም፤ ለእርስዎ ተረከዝና እጅ ግን ጥሩ ነው። የኮኮዋ በተርም እንዲሁ ውሃው እንዳይተን የሚከድን ነው። ገበያ ላይ ሽቶ የተቀላቀለበት ብዙ ስለሆነ ለልጁ ይተዉት።

እንዲህ ያለ የዕፅዋት ቅቤና ዘይት ከክሬም የሚለይበት ዋናው ነገር ውሃ ነው። ቅቤና ዘይት ውሃ የላቸውም፤ ያለውን ይከድናሉ እንጂ አይጨምሩም። ስለዚህ በደረቀ ቆዳ ላይ ብቻቸውን ሲቀቡ ቆዳውን ከነድርቀቱ ይሸፍኑታል። ክሬም ውሃ፣ ስብና አብዛኛውን ጊዜ ውሃን ስቦ የሚይዝ ግሊሰሪን አለው። ውሃ ስላለበት ግን እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ብዙ ጊዜም ሽቶ፤ የተሰነጠቀ ቆዳን የሚያቃጥለው ይህ ነው። ዋጋው ከፍ ማለቱ ለልጁ ቆዳ የተሻለ መሆኑን አያሳይም።

እኔ የምመክርዎት ሽቶ የሌለው ተራ ቫዝሊን ነው። ልጁን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጥቡት፤ ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን፣ እሱም ለብብትና ለመቀመጫው ብቻ። ፎጣውን አይሹበት፣ ለጥ እያደረጉ ብቻ ውሃውን ያስለቅቁ። ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊኑን በፀጉሩ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ይቀቡት። ጠዋት ደግሞ ሳያጥቡ ይድገሙት። ከዕቃው በጣት ሳይሆን በንጹህ ማንኪያ ያውጡ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መጠኑ ላይ ነው። መላ ሰውነቱ ለደረቀ ልጅ በሳምንት ከ125 እስከ 250 ግራም ይፈልጋል፤ 250 ግራም ዕቃ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ እየሰሰቱ ነው ማለት ነው። ውድ ክሬም ሲገዙ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ እንዳያልቅ ተብሎ በጣት ጫፍ ብቻ ይቀባል፣ ልጁም አይድንም። ታዲያ ቫዝሊን የጠገበ ልብስ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ልጁን ከከሰል ምድጃና ከሻማ ያርቁት።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። «የተፈጥሮ ቅባት» ተብሎ ስምና ይዘቱ ያልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ የሚሸጥ ነገር በ3 ቀን ውስጥ እከኩንና መቅላቱን ድራሹን ካጠፋው፣ ሲያቆሙት ደግሞ ብሶ ከተመለሰ፣ ውስጡ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። ቅቤ ይህን ያህል አይፈጥንም። እንዲህ ያለው ስቴሮይድ በልጅ ላይ ለወራት ከተቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ እድገቱንም ሊያዘገይ ይችላል። የሚጠቀሙት ከሆነ ዕቃውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በራስዎ ድንገት አያቁሙት።

ቫዝሊኑን በትክክል ለ2 ሳምንት ቀብተው መቅላቱና እከኩ ካልቀነሰ ለጊዜው መለስተኛ ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ይጨመርለታል። ቆዳው ቢያዥና ቢጫ ቅርፊት ቢሠራ፣ ልጁ ቢያተኩሰው ወይም የሚያሙ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች በአንድ ላይ ቢወጡበት ግን 2 ሳምንቱን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውሰዱት።