መስመሩ ሌላ፣ ሠንጠረዡ ሌላ

«በኤክሴል በሠራነው የስድስት ወር ሪፖርት ላይ የሦስት ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ፍጆታ በመስመር ግራፍ ተስሏል፤ ከሥሩ ሠንጠረዡ አለ። የሕንፃ ሀ መስመር ከሠንጠረዡ ጋር ይስማማል። የለ እና የሐ ግን ከፍ ብለው ይታያሉ፤ በ1ኛው ወር ለ በሠንጠረዡ 35 ሆኖ ሳለ መስመሩ ያለው 75 አካባቢ ነው። በ4ኛው ወር ደግሞ ለ ወርዶ ከሀ ጋር ይገጥማል። ነጥቦቹ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች በሙሉ ከሠንጠረዡ ጋር አንድ ናቸው። የትኛውን እንመን?»

ለጊዜው ሠንጠረዡን ይመኑ፣ የለን የ4ኛ ወር ቁጥር የያዘውን ሴል፣ C5ን ግን ይጠርጥሩ። የታችኛው መስመር ልክ ሆኖ ከሱ በላይ ያሉት ብቻ ከፍ ሲሉ፣ ግራፉ የተደራረበ ዓይነት ነው ብዬ ነው የምጀምረው፤ በኤክሴል ስሙ Stacked Line ነው። የ4ኛው ወር መውደቅ ግን ሌላ ብልሽት ነው፤ ሁለቱ ተደርበው ነው ያደናገሩዎት።

ምንም ከመንካትዎ በፊት የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡና በቅጂው ላይ ይሥሩ። ግራፉን ለማስማማት ብለው የሠንጠረዡን ቁጥር እንዳይቀይሩ።

መጀመሪያ ግራፉን ያትሙና በማስመሪያ ይለኩ። ነጥቡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለጊዜው አይዩት። በቋሚው መለኪያ ላይ ከ0 እስከ 100 ያለው ርቀት 80 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ሚሊ ሜትር 1.25 ነው። ከ0 እስከ መስመሩ ውፍረት መካከል ይለኩ፤ 60 ሚሊ ሜትር ካገኙ የተሳለው 75 ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ከ1 በታች ስለሆነ ለዚህ ሥራ አያሳስብም። መለኪያው ከ0 የማይጀምር ከሆነ ከታችኛው ቁጥር ይለኩና ያንን ቁጥር ይደምሩበት።

አሁን ከለኩት ላይ ሠንጠረዡን ይቀንሱ። በሠንጠረዡ የ1ኛው ወር ሀ 40፣ ለ 35፣ ሐ 20 ከሆነ፣ በማስመሪያ የሚያገኙት 40፣ 75 እና 95 ነው። ልዩነቱ 0፣ 40፣ 75 ይሆናል። 40 ራሱ ሀ ነው፤ 75 ደግሞ ሀ እና ለ ተደምረው። ልዩነቱ ከሥር ካሉት መስመሮች ድምር ጋር እኩል ከሆነ መደራረብ ነው፤ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ልዩነቱ በሁሉም ወር አንድ ዓይነት ብዜት ቢሆን ኖሮ የመለኪያ አሃድ ወይም ሁለተኛ ቋሚ መለኪያ እጠረጥር ነበር። ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው በአንድ ወር ቢንሸራተቱ ደግሞ ግራፉ የሚያነበው ክልል ረድፍ ስቷል ማለት ነው።

ይህን መደራረብ ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በተደራረበ የመስመር ግራፍ የሁለተኛው መስመር መነሻ 0 አይደለም፤ መነሻው የመጀመሪያው መስመር ነው። የሦስተኛው መነሻ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የሐ ዋጋ በመስመሩ ከፍታ አይነበብም፤ በሐ እና በለ መካከል ባለው ክፍተት ነው የሚነበበው። የተደራረበ የዓምድ ግራፍ ይህ ችግር የለውም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ቀለምና ቁመት ስላለው ዓይን ቁራጩን ለብቻው ያነባል። መስመር ግን ቁመት የለውም። አንባቢው የሚያየው ከፍታውን ብቻ ነው፣ ከፍታው ደግሞ ድምሩ ነው። ነጥቡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በአንጻሩ የሚመጣው ከራሱ ከሴሉ ነው፤ ነጥቡ 75 ላይ ቆሞ «35» የሚለው ለዚህ ነው። ቁጥሩም መስመሩም እንደ አሠራራቸው ልክ ናቸው፣ አብረው ግን አንባቢን ያሳስታሉ። በእኔ እምነት የተደራረበ መስመር ለሪፖርት መዋል የለበትም። በምርጫው ዝርዝር ላይ ግን የተራው Line እና የStacked Line ምስሎች ጎን ለጎን ስለሆኑ በቀላሉ ይሳሳታሉ።

ማስተካከያው አጭር ነው፦ ግራፉን በቀኝ ይጫኑ፣ Change Chart Type፣ ከዚያ Stacked የሌለበትን Line ይምረጡ።

ሲቀይሩት የለ 4ኛ ወር ወደ 0 ይወድቃል። አይደንግጡ፤ ሁለተኛው ብልሽት ብቻውን የወጣው አሁን ነው። ቀድሞም ልኬቱ ይናገር ነበር። በዚያ ወር ሀ 42፣ ለ 30፣ ሐ 22 ከሆነ ለ መቆም የነበረበት 72 ላይ፣ ሐ ደግሞ 94 ላይ ነበር። ለ ከሀ ጋር 42 ላይ፣ ሐም 64 ላይ ከቆመ ከሁለቱም 30 ጎድሏል። ኤክሴል ያንን 30 እንደ ጽሑፍ ይዞታል፤ ጽሑፍን ደግሞ በመስመር ግራፍ ላይ 0 አድርጎ ይስለዋል። ለ በዓምድ C ከረድፍ 2 እስከ 7 ካለ፣ በባዶ ሴል ይህን ይጻፉ፦

```
=COUNT(C2:C7)
=LEN(C5)
```

የመጀመሪያው 6 መሆን ሲገባው 5 ካለ አንዱ ቁጥር አይደለም። ሁለተኛው 2 መሆን ሲገባው 3 ካለ ከ30 ጋር የማይታይ ክፍተት ተጣብቋል። ከፒዲኤፍ ወይም ከድረ ገጽ ተገልብጦ የመጣ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይህን ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ TRIM አያነሳውም። የሠንጠረዡን ድምርም ይዩ፤ SUM ጽሑፍን ስለሚዘል የለ ድምር 200 መሆን ሲገባው 170 ብሎ ይሆናል። ሠንጠረዡን ይመኑ ስል C5ን የለየሁት ለዚህ ነው።

ከእርስዎ በፊት አንድ ሰው «ጠግኖት» ሳይሆን አይቀርም። ነጥቡ 0 ሆኖ ሳለ «30» የሚል ቁጥር የሚኖርበት በአብዛኛው በእጅ ሲጻፍበት ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ጥገና ነው፤ ብልሽቱን ትቶ ምልክቱን ይደብቃል፣ በእጅ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ሴሉ ሲቀየር አይከተልም። የለን ቁጥሮች ይምረጡና በቅርጸት ሰሌዳው ላይ Reset Label Text ይጫኑ። ሌላው የተለመደ ጥገና የሴሉን ቅርጸት Number ማድረግ ነው፤ ያ ብቻውን የገባውን ጽሑፍ ቁጥር አያደርገውም። አንድ ሴል ብቻ ከሆነ ቅርጸቱን General ያድርጉ፣ ሴሉን ያጥፉና 30ን እንደገና ይጻፉ። ብዙ ከሆኑ በጎን ባለ ባዶ ዓምድ፦

```
=VALUE(SUBSTITUTE(C5,UNICHAR(160),""))
```

ውጤቱን ገልብጠው Paste Values በማለት ወደ ቦታው ይመልሱ። እዚህ የሠንጠረዡን ሴል ነካን፣ ግን 30 ያው 30 ነው። በድጋሚ ልበል፦ ግራፉን ለማስማማት ቁጥሩን አይቀይሩ፤ ምንጩ ሰነድ 30 ማለቱንም ያረጋግጡ።

የቀረው መስመሩ ከሠንጠረዡ ጋር መያያዙን ማየት ነው። የለን መስመር ይጫኑና የፎርሙላ መስመሩን ይመልከቱ፦

```
=SERIES(Sheet1!$C$1,Sheet1!$A$2:$A$7,Sheet1!$C$2:$C$7,2)
```

በሦስተኛው ቦታ የሴል ክልል ሳይሆን በጥምዝ ቅንፍ የተዘጉ ቁጥሮች ካሉ ግራፉ ደርቋል፤ ሠንጠረዡ ቢቀየር አይንቀሳቀስም። ያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንድ ሰው ክልሉን መርጦ ዋጋውን ለማየት F9 ከተጫነ በኋላ Enter ሲል ነው። F9 ጥሩ መመርመሪያ ነው፣ መውጫው ግን Esc ነው። Enter በፍጹም።

በመጨረሻ በቅጂው ላይ C5ን 90 ያድርጉት። ነጥቡም በላዩ ያለው ቁጥርም አብረው ወደ 90 ከወጡ ግንኙነቱ ጤነኛ ነው። በCtrl+Z ወደ 30 ይመልሱት፣ ያትሙ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና የመጨረሻውን ነጥብ በማስመሪያ ይለኩ። ዘጠኙም ከሠንጠረዡ በ1 ውስጥ ከሆኑ ሪፖርቱን ይላኩ።