ለውጭ አገር አማካሪ የሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይል

ጥያቄ፦ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን አጠናቅቄ ለዶክትሬት አማካሪ ሊሆኑኝ ለሚችሉ የውጭ አገር ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ብልክም መልስ አላገኘሁም። ራሴን እንዴት ላስተዋውቅ? በምርምር ቡድናቸው ክፍት ቦታ መኖሩንስ በምን መልክ ልጠይቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ዓመት ከ30 በላይ ኢሜይሎች ልኬ መልስ የሰጡኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት የላክሁት ለ8 ሰዎች ሲሆን 5ቱ መለሱልኝ። በመካከሉ የትምህርት ውጤቴ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የኢሜይሉ ሁለተኛ አንቀጽ ነበርና በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ።

መጀመሪያ እጽፍ የነበረው «በምርምር ሥራዎ እጅግ ስለተማረክሁ በቡድንዎ ውስጥ የመሥራት ጽኑ ፍላጎት አለኝ» የሚል ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለማንም ሊላክ ይችላል፤ ተቀባዩም ይህንኑ በመጀመሪያው ንባብ ይረዳዋል።

የመመረቂያ ሥራዬ በጉድጓዶች የውኃ ከፍታ ላይ ነበር። ኋላ የጻፍሁላቸው አንድ ፕሮፌሰር ደግሞ ግሬስ የተባሉት ሳተላይቶች ከለኩት የስበት ለውጥ በመነሣት የከርሰ ምድር ውኃ መጨመርና መቀነስን ይገምታሉ። እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «በማስተርስ ሥራዬ የ22 ጉድጓዶችን የ6 ዓመት መዝገብ ተንትኛለሁ። እርስዎ የሳተላይቱን ግምት ከጉድጓድ ልኬት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ አለቱ ውኃ የሚሰጥበትን መጠን ለመላው ተፋሰስ አንድ ዓይነት አድርገው ወስደዋል። በእኔ መረጃ ግን ይህ መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያልና፣ ልዩነቱ በንጽጽሩ ላይ የሚያስከትለውን ስሕተት ማጥናት እፈልጋለሁ።»

ይህ አንቀጽ የሠራው ጥያቄው እውነተኛ ስለሆነ ነው። ጉድጓድ የሚነግረን የውኃውን ከፍታ ሲሆን ሳተላይቱ የሚነግረን የውኃውን ብዛት ነው። ከፍታው በ1 ሜትር ቢወርድ፣ 10 በመቶ ውኃ በሚሰጥ አለት ውስጥ የጠፋው 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ውኃ ነው፤ 2 በመቶ ብቻ በሚሰጥ አለት ግን 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በጉዳዩ ላይ የሠራ ሰው ይህን ችግር ስለሚያውቀው፣ እኔም እጄን አስገብቼ እንደሠራሁ ወዲያው ያስተውላል። በአንጻሩ ለሌላ ተመራማሪ በጻፍሁት ኢሜይል በዚያው ሳተላይት የአንድን ትንሽ ወረዳ ውኃ ለማጥናት ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ሳተላይቱ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከሚለካ ስፋት በታች ያለውን ለይቶ ስለማያይ፣ የመጣልኝ መልስ አንድ ትሕትና የተሞላበት መስመር ብቻ ሆነ። እንደ መጀመሪያው ያለ እውነተኛ ጥያቄ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ተመራማሪው ራሱ የሥራውን ውስንነት ከሚገልጽበት የጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ ነው።

ስለ ክፍት ቦታ ሲጠይቁ «የትምህርት ዕድል አለ ወይ?» ከማለት ይልቅ በአንድ መስመር ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ያቅርቡ፦ «በመጪው የትምህርት ዘመን የሚጀምር የዶክትሬት ተማሪ ለመቀበል አስበዋልን? ካሰቡስ ወጪው በቡድኑ ፕሮጀክት ይሸፈናል ወይስ እኔ በራሴ ለነፃ ትምህርት ማመልከት ይኖርብኛል?» አስቀድመው ግን የቡድኑን ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ ቦታ እንደሌለ በግልጽ የጻፉ፣ አንዳንዶቹም ገጹን ያነበበውን ለመለየት በኢሜይሉ ርዕስ ውስጥ የተወሰነ ቃል እንዲገባ የሚጠይቁ አሉ።

የመልሱ ትርጉም እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በአብዛኛው የሚቀበለው የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ስለሆነ፣ «በመደበኛው መንገድ ያመልክቱ» መባል እምቢታ አይደለም። የብዙዎቹ ማመልከቻ በታኅሣሥ አካባቢ ስለሚዘጋ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት መጻፍ ይሻላል። በጀርመን ግን በርካታ የዶክትሬት ቦታዎች ደመወዝ የሚከፈልባቸውና በማስታወቂያ የሚወጡ ሥራዎች ናቸው፤ ስለዚህ ማስታወቂያ ካለ ኢሜይሉ ማስታወቂያውን መጥቀስ ይኖርበታል።

የቀረው አጭር ነው። ማዕረጉን ከቤተሰብ ስም ጋር ይጻፉ፤ ኢሜይሉ ከ250 ቃል አይብለጥ፤ የሕይወትና የትምህርት ታሪክዎን ከውጤት ማስረጃዎ ጋር በአንድ ፒዲኤፍ ያያይዙ፤ መመረቂያ ጽሑፉን ካልጠየቁዎት አይላኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ በዚያው ኢሜይል ላይ በሁለት መስመር አንድ ጊዜ ያስታውሱ፣ ከዚያ በኋላ ይተዉት። በአንድ የትምህርት ክፍል ላሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ መጻፍንም አልመክርም፤ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

እኒያ ፕሮፌሰር ስለ ክፍት ቦታው ምንም ሳይሉ የመለሱልኝ «ጉድጓዶቹ በየስንት ጊዜው ነው የተለኩት?» ብለው ነበር። በየወሩ እንደተለኩና የ3ቱ መዝገብ ክፍተት እንዳለበት በማግሥቱ ጻፍሁላቸው፤ ስለ ቦታው የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።