መጨረሻ የሚናገረውን መጀመሪያ ምረጡ

ይድረስ ጅማ ላይ ስብሰባና ጉባኤ ለምታዘጋጁ ልጆቼ፣

ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። የቡና ጥራት ላይ የግማሽ ቀን ጉባኤ ነበር፣ አርብ ጠዋት። ስድስት ተናጋሪ ያዝኩ፤ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ንግግርና 5 ደቂቃ ጥያቄ። ከሻይ ጋር ሲደመር ልክ ሦስት ሰዓት ሞላ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ወረቀት ላይ ቁጭ ያለ ነገር። ተራውን በማዕረግ ደረደርኩት፤ ትልቁ ዶክተር መጀመሪያ፣ ከጎማ ወረዳ የመጡት ቡና አምራች እናት መጨረሻ።

ዶክተሩ 60 ስላይድ ይዘው መጡ። ሌላውም ትንሽ ትንሽ አለፈ። ፍላሽ ሲቀየር፣ ማይክ ሲቀባበሉ፣ ያም ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን አልቆጠርኩትም። ሴትየዋ መድረክ ላይ ሲወጡ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ግማሹ ሰው ለጁምዓ ሊነሳ ጫማውን ይፈልጋል። በዚያ ላይ እሳቸው በኦሮምኛ ተናግረው አስተርጓሚ ይከተል ነበርና የተረፈቻቸው ትንሽ ደቂቃ ለሁለት ተከፈለች። የእጃቸውን ቡና በፌስታል ይዘው መጥተው ሳያሳዩት ተመለሱ።

በዓመቱ ከኋላ ጀመርኩ። ሰው ከአዳራሽ ይዞት የሚወጣው መጨረሻ የሰማውን ነው። ስለዚህ እሳቸውን መጨረሻ ላይ ተውኳቸው፤ ቦታው እንዳለ ሆኖ ክብሩ ተለወጠ። በትርጉም ስለሚናገሩ 25 ደቂቃ ሰጠኋቸው፤ የራሳቸው ንግግር ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ ቀደም ብለን ተነጋገርን። ትርጉም ያለበትን ንግግር ሁልጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ ቁጠሩ።

መጀመሪያ ላይ ከእሳቸው ቀጥሎ የሚደነቀውን፣ ቡና ቀማሹን አደረግኩ። ስኒ ይዞ የሚናገር ሰው ዘግይቶ የሚገባውንም ያስቀምጣል። ሁለተኛ ተመራማሪዋ ሆነች። ሠንጠረዥና ቁጥር የበዛበት ንግግር ጭንቅላት ሳይደክም መቅረብ አለበት፤ ከምሳ በኋላ ካመጣችሁት ሰውን አስተኛችሁ ማለት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተወካይ ከሻይ በኋላ ገባ፤ ስለ ክፍያ ስለሚያወራ ሰው ወሬውን ትቶ ይመለሳል። ስድስተኛውን ተናጋሪ ሰረዝኩ። ተቀየመኝ፣ ምን ይደረግ።

የቀሩት ዶክተሩ ናቸው። የሚያስረዝም ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስልክ ደውላችሁ «ስንት ስላይድ አለዎት?» በሉ። ለ15 ደቂቃ 12 ካሉ ደህና ነው፤ 40 ካሉ አውቃችሁ ተዘጋጁ። እንዲህ ያለ ሰው መሐል ላይ ከገባ የሌላውን ሰዓት ይበላል። ከሻይ በፊት ከገባ ግን የሚበላው ሻዩን ነው። ለዚህ ብዬ 20 ደቂቃ የሚበቃውን ሻይ 30 ጻፍኩት። ቅር እንዳይላቸው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ስማቸውንም ከነሙሉ ማዕረጋቸው አስተዋወቅናቸው። ማዕረግን በወንበርና በመግቢያ ማክበር ይቻላል፣ የግድ በንግግር ተራ መሆን የለበትም።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። መክፈቻ 10 ደቂቃ፣ ከሻይ በፊት ሦስት ሰው በ20 በ20 ከነጥያቄው፣ ሻይ 30፣ ተወካዩ 20፣ እናታችን 25። ለመቀባበያ 10 ጨመርኩ። 155 ደቂቃ ነው፤ 25 ደቂቃ ሳልነካው ተውኩ። ጥሪው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ብዬ ሦስት ሰዓት ጀመርኩ፤ የኛን ሰው አውቀዋለሁ።

ሰዓት ያዡን ፊት ለፊት አስቀምጡት፤ «5»፣ «1» እና «በቃ» የተጻፈባቸው ሦስት ካርዶች ይበቁታል። «1» ሲወጣ የመድረክ መሪው ተነስቶ ወደ ተናጋሪው ይጠጋ። አጠገቡ ሰው የቆመበት ተናጋሪ አዲስ ነጥብ አይጀምርም። መሪ ስትመርጡ ደግሞ ትልቅ ሰው ለማቋረጥ የማያፍር ይሁን።

ዶክተሩ ያን ዕለትም በካርዱ አላቆሙም። የቡናዋን ልጅ ግን በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ መቁላት እንድትጀምር ነግሬያት ነበር። ጭሱ በበሩ ሲገባ የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሰባት ደቂቃ አሳልፈው ወረዱ። እረፍቱ ላይ አቦል ብቻ ቀረበ፤ ቶናና በረካ ለምሳ ይሁን ብለናል፣ ጅማ ላይ ሦስቱን ካስጠጣችሁ የሚመለስ የለም።

እናታችን ሲጨርሱ ከስድስት ሰዓት በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀር ነበር። ፌስታሉን ፈትተው አልጋ ላይ የደረቀውንና መሬት ላይ የደረቀውን ቡና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ሰው ከበባቸው። ከከበቧቸው ፊተኛው ዶክተሩ ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም እንደ ልማዳቸው ረዥም ነበር።