ሸክላ፣ ፓፒረስ እና ብራና፦ እሳቱ ማንን አጠፋ፣ ማንን አዳነ?

ጥያቄው፦ «የጥንት ሰዎች በፓፒረስ፣ በብራና እና በሸክላ ላይ ይጽፉ ነበር ይባላል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? በጥንት መዛግብት ቤቶች ውስጥ የትኛው ነው የተሻለ የቆየው?»

በአጭሩ ሸክላ ነው። እኔ በብራና ጥገና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ልቤ ወደ ብራና ቢያደላም፣ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሸክላው የቆየው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከመጀመሪያው ጠንካራ ስለነበረ አይደለም።

የመስጴጦምያ ጸሐፊ የሚጽፍበት ነገር ጭቃ ነው። ጠጠሩን ለቅሞ፣ አሽቶ፣ ብዙውን ጊዜ በመዳፍ በሚያዝ መጠን ይጠፈጥፈውና በተቀረጸ ሸምበቆ ጫፍ እየተጫነ ይጽፍበታል። ጭቃው ሳይደርቅ መጨረስ አለበት፤ ከደረቀ በኋላ አንድ መስመር ልጨምር ቢል አይሆንለትም። እንዲህ ከተሠራው የሸክላ ሰሌዳ አብዛኛው ምድጃ ውስጥ አልገባም፤ በአየርና በፀሐይ ደርቆ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የጸሐፍት ተማሪ ቤቶችም የልምምድ ሰሌዳዎችን እያራሱ እንደገና ይጠፈጥፏቸው ነበር። ስለዚህ ያልተጠበሰ ሰሌዳ የሚፈራው ውኃን ነው።

ጠላት መጥቶ ቤተ መንግሥቱን ሲያቃጥል ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሶርያ ውስጥ ያለችው ኤብላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2300 ገደማ ተቃጠለች። የእንጨት መደርደሪያዎቹ ነድደው ሲወድቁ ሰሌዳዎቹ በቦታቸው ቁልል ሆነው ቀሩ። ጣሊያናዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ፓኦሎ ማቲዬ እ.ኤ.አ. በ1975 የሰሌዳዎቹን ክፍል ሲያገኝ፣ የትኛው ሰሌዳ በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደነበረ ከአወዳደቁ መገመት ተችሏል። የነነዌ ቤተ መጻሕፍትም በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተማዋ ስትወድቅ ተቃጠለ፤ ዛሬ ከዚያ የመጡ ከ30,000 በላይ ሰሌዳዎችና ስብርባሪዎች በብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። ከተማዋን ያጠፋው እሳት ጭቃውን ጠበሰው።

ይህ ማለት ሸክላ ምንም አይሆንም ማለት አይደለም። ያልተጠበሰ ሰሌዳ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ፣ ውስጡ የነበረው ጨው ወደ ላይ ይወጣና ፊቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያ ከታየ ቆዳው መፈርፈር ጀምሯል ማለት ነው፤ የሚፈረፍረው ደግሞ ጽሑፉ ያለበት ክፍል ነው። ስለዚህ ሙዚየሞች ሰሌዳዎችን ቀስ ብለው በምድጃ ይጠብሱና ጨዉን በውኃ ያወጡ ነበር።

ወደ ፓፒረስ ልምጣ። ተክሉን እናውቀዋለን፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። ግብፆች የግንዱን ነጭ ውስጥ በቀጭኑ እየሰነጠቁ አንዱን ረድፍ ወደ ታች፣ ሌላውን በላዩ አግድም ደርድረው፣ ተጭነው ያደርቁታል። ገጾቹን ጫፍ ለጫፍ ሲያጣብቁ ረጅም ጥቅልል ይወጣል። ቀላል ነው፣ ብዙ ጽሑፍ ይይዛል፣ ለመልእክተኛም ይመቻል። ደረቅ አየር ካገኘ ደግሞ ዕድሜው ያስገርማል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል-ጃርፍ የተገኙት የፈርዖን ኩፉ ዘመን ፓፒረሶች ከ4,500 ዓመት በላይ ቆይተዋል። እዚያው ግብፅ ውስጥ እርጥበት ባለበት በናይል ዴልታ ግን የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ሸክላንና ፓፒረስን ጎን ለጎን የሚያሳየው ኢየሩሳሌም ውስጥ የተገኘ ነገር ነው። እዚያ ሰነድ ሲጠቀለል በገመድ ይታሰራል፣ ቋጠሮው ላይ ትንሽ ጭቃ ይለጠፋል፣ ጭቃው ላይ ማኅተም ይመታል። ኤርምያስ 32 ላይ ነቢዩ የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ የታተመና የተከፈተ የውል ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ብዙ ዘመን እንዲቆዩም በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጡ ያዛል። በዘመኑ የነበረው የሰነድ አያያዝ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ይጋል ሺሎ የዳዊት ከተማ በሚባለው ቦታ ሲቆፍር፣ ባቢሎናውያን በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ካቃጠሉት ቤት ውስጥ 51 የማኅተም ጭቃዎች አገኘ። ሰነዶቹ አንድም አልተረፈም። ጭቃዎቹ ግን በዚያው እሳት ተጠብሰው ጠንክረዋል፤ ጀርባቸው ላይ የፓፒረሱ ክር መስመሮችና የገመዱ አሻራ ይታያል። በሙዚየም ወይም በፎቶ ካገኟቸው ስሙ ያለበትን ፊት ብቻ አይተው አይለፉ፤ ሰነዱ በምን ላይ እንደተጻፈ የሚመሰክረው ጀርባው ነው።

ከእነዚያ አንዱ ላይ «የሳፋን ልጅ ገማርያ» የሚል ስም አለ። ኤርምያስ 36ን ያነበበ ሰው ያውቀዋል፦ ባሮክ ጥቅልሉን ያነበበው በጸሐፊው በሳፋን ልጅ በገማርያ ክፍል ነው፤ ንጉሡ ኢዮአቄም ጥቅልሉን በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ሲጥል እንዳያቃጥለው ከለመኑት አንዱም እሱ ነው። ስሙም፣ የአባቱ ስምም፣ ዘመኑም ይገጥማል። ያ ጥቅልል ከምን እንደተሠራ መጽሐፉ አይናገርም። እኔ ግን ፓፒረስ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ የብራና ቁራጭ እሳት ላይ ሲወድቅ እየተኮማተረ የሚያወጣውን የቆዳ ሽታ የሚያውቅ ሰው፣ ንጉሥ በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ያን ሁሉ ይታገሠዋል ብሎ ለማመን ይቸገራል።

ብራናው ሦስተኛ ዓይነት ጠባይ አለው። እኛ ዘንድ የፍየሉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጸጉሩ ተፍቆ እንደተወጠረ ይደርቃል። ሲታጠፍ አይሰበርም፣ ሁለቱም ገጽ ይጻፍበታል፣ ስህተት ቢፈጠር በምላጭ ይፋቃል። መፋቁ መዘዝም አለው፤ አሮጌ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ሌላ ሊጻፍበት ይችላል። ብራናን የሚገድለው ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲመጡ ነው፤ ያኔ ቆዳው ወደ ሙጫነት ይቀየራል። ምልክቱ ጫፉ ላይ ይጀምራል፦ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ የሆነውን ቅጠል ለመዘርጋት ውኃ የሚያስነካ ሰው ጥፋቱን ይጨርሰዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የተገኙት የሙት ባሕር ጥቅልሎች አብዛኞቹ ከቆዳ የተሠሩ ናቸው። ደረቅ ዋሻ ውስጥ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቁርጥራጮቹን በፕላስተር ያጣበቁ ተመራማሪዎች ብዙ ጉዳት አድርሰውባቸዋል፤ ሙጫው ቆዳው ውስጥ ገብቶ አጠቆረው። በእኛ በኩል ደግሞ ዓድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች አሉ፤ የካርቦን ምርመራው እ.ኤ.አ. በ330 እና በ650 መካከል ያደርጋቸዋል። እነሱን ያቆያቸው በረሃም እሳትም ሳይሆን ገዳሙ ነው። በፈረሰ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ፣ በዚያ የዝናብ አገር፣ ያለ ጠባቂ ቢቀሩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር።

እንግዲህ «የተሻለ የቆየው» የሚለውን ሲያነቡ ይህንም አብረው ይያዙ። በነነዌ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ቅርጾች ላይ ሁለት ጸሐፍት ጎን ለጎን ቆመው ምርኮ ሲመዘግቡ ይታያሉ። አንዱ ሰሌዳ ይዟል፣ ሌላው ጥቅልል፤ በጥቅልሉ የሚጻፈው በአራማይክ ቋንቋ ነው ተብሎ ይታመናል። ከነነዌ የተረፈልን የመጀመሪያው ሰው ዓይነት መዝገብ ነው፤ የሁለተኛው ጥቅልሎች ሁሉም ጠፍተዋል። ስለ አሦር መንግሥት የምናነበው ታሪክ አብዛኛው ሸክላው ላይ ከተረፈው የመጣ ነው።