ከሚ ወደ ሶል ስወጣ ድምፄ ይሰነጠቃል

«ዶክተር፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ቤት ማታ ማታ እዘፍናለሁ። ሴት ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው። ታች ላይ ድምፄ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ትዝታ ስዘፍን ግን ከሚ ወደ ሶል ስወጣ ይሰነጠቅብኛል። ገፋ ካደረግሁት ያልፋል፣ በነጋታው ግን ድምፄ ይዘጋል። ኪቦርዱ የሚጀምርልኝ ከመካከለኛው ዶ ነው። ምን ይሻለኛል?»

መሰንጠቁ ብቻውን በሽታ አይደለም። ድምፅ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚሻገርበት ይህ መሻገሪያ ማንም ሰው ጉሮሮ ውስጥ አለ። ብዙ ሴቶች ላይ የሚገኘውም እዚያው ሚ እና ፋ አካባቢ ነው። እኔን ያሳሰበኝ በነጋታው መዘጋቱ ነው። እሱን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር በጣትዎ ይሞክሩ። ጣትዎን ከአገጭዎ ሥር ጀምረው በአንገትዎ መሀል ቀስ አድርገው ወደ ታች ይውሰዱት። ጠንካራ ጉብታ ያገኛሉ፤ ማንቁርትዎ ነው። ከጉብታው ዝቅ ሲሉ ትንሽ ስርጉድ ቦታ አለ። ጣትዎን እዚያ አሳርፈው «ኡ» እያሉ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይውጡ። ስርጉዱ ሲጠብ ይሰማዎታል።

ስርጉዱን የሚያጠብበው ጡንቻ የድምፅ አውታሮችዎን የሚወጥርና የሚያቀጥን ነው። ሌላ ጡንቻ ደግሞ አውታሩ ውስጥ ራሱ አለ። የእሱ ሥራ ተቃራኒ ነው፤ አውታሩን ያሳጥራል፣ ያወፍራል። የደረት ድምፅ የምንለው ይህ ሁለተኛው ሲያይል ነው። የራስ ድምፅ ደግሞ እሱ ለቀቅ ብሎ የመጀመሪያው ሲረከብ ነው። ድምፁ ደረት ላይ ወይም ራስ ላይ ሲያስተጋባ ስለሚሰማን ስሙ ቀረ እንጂ፣ ሁለቱም የሚወጡት እዚያው ማንቁርት ውስጥ ነው።

እንግዲህ እርስዎ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ሲሉ ውፍረቱን ሳይቀንሱ ይወጣሉ። ወጣሪው ይጎትታል፣ አወፋሪው አልለቅም ይላል። አንድ ቦታ ላይ አወፋሪው ይሸነፍና በአንዴ ይለቃል። ስንጥቁ ማለት ይህች ቅጽበት ናት። መግፋት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ከሥር የሚመጣው የአየር ግፊት ሲበዛ አውታሮቹ ላለመከፈት የበለጠ ይጨመቃሉ፤ አወፋሪው ጭራሽ መልቀቅ ያቅተዋል። ስለዚህ መግፋት ስንጥቁን ሁለት ድምፅ ወደ ላይ ያሸጋግረዋል እንጂ አያጠፋውም። እዚያች ሚ ላይ አውታሮቹ በሰከንድ 330 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ይህን በጉልበት እያጋጩ ሌሊቱን ሙሉ ከዘፈኑ፣ በነጋታው ማበጣቸው አይገርምም።

መፍትሔው ርክክቡን ቀደም ብሎ መጀመር ነው። ለዚህ የምሰጠው ልምምድ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ብዙ ሰው ከታች ተነስቶ መሻገሪያውን ሊሰብረው ይታገላል። ከላይ ሲወርዱ ግን አውታሩ ቀድሞ ቀጥኗል፣ ወፍራሙን ጡንቻ ጎትተው የሚመጡበት ምክንያት የለም።

የጁስ ስትሮና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያዘጋጁ። የስትሮውን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃው ውስጥ ይክተቱ። በከንፈርዎ አየር እንዳያመልጥ ይያዙትና በቀጭኑ ድምፅዎ፣ ላ አካባቢ፣ «ኡ» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ እየተንሸራተቱ እስከ ታችኛው ዶ ይውረዱ። ድምፁ ጎረቤት የማይቀሰቅስ ይሁን። ስትሮው ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት አውታሮቹ ሳይጨመቁ እንዲንቀጠቀጡ ያግዛቸዋል።

አሁን አረፋውን ይመልከቱ። ከላይ እስከ ታች እኩል እየተንቦጫቦጨ ከወረደ ተሻግረዋል። ፋ እና ሚ ጋ ሲደርሱ አረፋው ከቆመ ጉሮሮዎ ጨምድዷል፣ ትንፋሹን ይዘውታል። ውሃው ከብርጭቆው ከፈለቀ ደግሞ እየገፉ ነው። ውሃው አያዳላም፣ ለዚህ ነው የምወደው። በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይበልጥ፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል። መውረዱ ሲለሰልስ፣ ከላይ ወርደው ሳያቋርጡ መልሰው ይውጡ።

ስትሮውን ትተው በአፍ ሲዘፍኑ የሚያስቸግረው ራብዑ ነው። «ላ» ብለው አፍዎን ከፍተው ሲወጡ ድምፁ ሳያውቁት ወደ ጩኸት ይሄዳል። ወፍራሙ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሚ ላይ ሲደርሱ ራብዑን ወደ ሳብዕ ጠጋ ያድርጉት፤ «ላ» ትንሽ «ሎ» ይምሰል። ሶል ላይ ካዕብ፣ «ሉ»፣ ይሸተት። ሰሚው ቃሉን «ላ» ብሎ ይሰማዋል፣ አይጨነቁ። መሻገሪያውን ካለፉ በኋላ ቀስ እያሉ ይክፈቱት።

ወደ ትዝታዎ ልምጣ። በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ውስጥ ፋ የለም። ከሚ ወደ ሶል ያለው ዝላይ ከሌሎቹ ሰፊ ነው። የእርስዎ መሻገሪያ ደግሞ እዚያ ክፍተት ውስጥ ተቀምጧል። በወፍራሙ ድምፅ ሆነው ክፍተቱን ይዘላሉ፣ በሌላ ድምፅ ያርፋሉ። ለጊዜው ኪቦርዲስቱን አንድ ድምፅ ተኩል ዝቅ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁት፤ ከላ ይጀምር ማለት ነው። ያኔ የድሮው ሶል የነበረው ሚ ላይ ይወርዳል። መሻገሪያው ከዝላዩ ይወጣና አጠገብ ላጠገብ ባሉት ሁለት ድምፆች መሀል ይገባል። አንድ ድምፅ ብቻ ዝቅ ቢል ግን ዝላዩ አሁንም መሻገሪያው ላይ ነው፣ አይጠቅምዎትም።

ሲበረቱ ወደ ዶ ይመለሱ። ያን ጊዜ ድምፁን ሚ ላይ ግማሽ ያድርጉት። የሚበዛው ሰው ለዝላዩ ጉልበት ልሰብስብ ብሎ ሚ ላይ ይጨምራል፣ ጥፋቱም እዚያ ነው። ከዚያ በአንዴ ከመዝለል ተንሸራተው ይውጡ። ማሲንቆው ራሱ እንደዚያ አይደል የሚወጣው? መንሸራተቱ ዜማውን አያበላሽም። ይህ ሁሉ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም።

ጥሬ እንቁላል፣ ዝንጅብል፣ ማር እያሉ የሚመክሩዎ አይጠፉም። የሚዋጥ ነገር አውታሮቹን ሳይነካ ከጀርባቸው ባለው ቱቦ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ውሃ መጠጣት ግን ይጠቅማል። ከዚህ ሌላ ሞኒተር ስፒከሩን ወደ ጆሮዎ ያዙሩት። ሰው ራሱን ካልሰማ ሳያስበው ይጮሃል፤ የጨዋታ ቤት ጫጫታ ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

አሁን መዘጋቱ። በየጠዋቱ፣ ከማውራትዎ በፊት፣ ከመሻገሪያው በላይ ባለ ቀጭን ድምፅ በጣም ዝግ ብለው «ዩ» ይበሉ። ጮክ ሲሉ እየወጣ፣ ዝግ ሲሉ አየር ብቻ ከሆነ ወይም ዘግይቶ ከተነሳ፣ አውታሮቹ አብጠዋል። ያን ማታ ከፍ ያለ ዘፈን አይዝፈኑ። እብጠቱ ሲደጋገም ጠጣር ጉብታ ሊሆን ይችላል፣ ያን ስትሮ አያጠፋውም። የእርስዎ መዘጋት የተደጋገመ ስለሆነ ልምምዱን እየጀመሩ የአንገት በላይ ሐኪም ያግኙና አውታሮቹ በካሜራ ይታዩ። አንድ ጊዜ የተዘጋው ድምፅ በሁለት ሳምንት ካልተመለሰም እንደዚሁ።

እየዘፈኑ ድምፅዎ በድንገት ጭልጥ ብሎ ከጠፋ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። አውታሩ ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ማይኩን ያስቀምጡ፣ አይዝፈኑ፣ አያንሾካሹኩ፤ አስፕሪን አይውሰዱ፤ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።