በእንጅባራ ጉም ስንት ልንዳ?

«ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ሰው አመላልሳለሁ። ክረምት ላይ ጠዋት እንጅባራ አካባቢ ጉሙ ሲወርድ አስፋልቱ ይጠፋብኛል። ረጅም መብራት ሳበራ ይብስብኛል። ስለዚህ አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እከተላለሁ። ልክ ነኝ? ስንት ልንዳ? መቼስ ልቁም?»

ወንድሜ፣ ፍጥነቱን የሚወስንልህ ጉሙ ራሱ ነው። አለካኩን ልንገርህ። ከጉሙ ውስጥ ብቅ የሚል አንድ የቆመ ነገር ያዝ፤ ባሕር ዛፍም ይሁን የመብራት ምሰሶ። ከታየህ ጊዜ ጀምሮ እስክታልፈው ድረስ በሰከንድ ቁጠር። አራት ሳትደርስ ካለፍከው ፈጥነሃል። ሰው ሞልተህ ከጫንክ ወይም ጎማህ ካለቀ አምስት አድርገው።

በ60 እየነዳህ ነው እንበል። ምሰሶው ታየህ፣ ሁለት ስትል አለፍከው። የሚታይህ መንገድ ወደ 33 ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ በ60 የሚሄድ መኪና እግርህ ፍሬን ላይ እስኪደርስ 25 ሜትር ይሄዳል፤ ለመቆም ደግሞ ሌላ 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል። መንገድ ላይ የተኛች ላም ብትኖር ፍሬን ይዘህም ትመታታለህ። ወደ 30 ብትወርድ ግን ያው 33 ሜትር አራት ሰከንድ ይሆንልሃል፤ ለመቆም የሚያስፈልግህም 21 ሜትር ገደማ ነው። ይተርፍሃል።

ፍጥነትህን በስሜት አትገምት። በጉም ውስጥ ስንት እየሄድክ እንደሆነ ዓይንህ ሊያታልልህ ይችላል። ቆጣሪውን ቶሎ ቶሎ እይ።

ረጅም መብራት የባሰብህ አለምክንያት አይደለም። ጉም በአየር ላይ ያለ ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ነው። ብርሃኑ ጠብታው ላይ አርፎ ወደ ዓይንህ ይመለሳል፤ ፊትህ ነጭ ነጠላ የተዘረጋ ይመስላል። አጭሩን አብራ። ታች የተገጠመ የጉም መብራት ካለህ እሱንም ጨምር። ፓርኪንግ መብራት ብቻ አብርቶ መንዳት ግን አይበቃም፤ ከፊት የሚመጣው አያይህም።

አራቱን ፍሬቻ እየሄድክ አታብራ። ከኋላ ያለው ቆመህ ይሁን እየሄድክ አይለይም። በዚያ ላይ ወደ ግራ ልትታጠፍ ስትል ምልክትህ አይታይም። ድንገት ቆመህ ወይም በጣም ቀንሰህ ኋላህ ያለውን ማስጠንቀቅ ስትፈልግ ብቻ አብራው።

የፊተኛውን መብራት መከተልም ተው። ዓይንህ ሳታውቀው እዚያች ቀይ መብራት ላይ ይተከላል፣ እየቀረብክ ትሄዳለህ። እሱ ሲስት አንተም ትስታለህ። ዓይንህን የአስፋልቱ የቀኝ ዳር ላይ አድርግ፤ ነጩ መስመር ከጠፋ አስፋልቱና ጠጠሩ የሚለያዩበትን ጠርዝ ያዝ። መሐሉን መስመር አትከተል፤ ከወዲያ የሚመጣውም እሱኑ ይዞ ሊሆን ይችላል። ዓይንህ ዳር ይሁን እንጂ መኪናህን ዳር አታስጠጋ። በጎጃም መንገድ ትከሻው የእግረኛ፣ የአህያና የጋሪ ነው፤ ጋሪ ደግሞ የኋላ መብራት የለውም። በገበያ ቀን ጠዋትማ ሰው በሰው ነው። የራስህን መስመር መሐል ይዘህ ሂድ። መቅደም አይታሰብም።

አንዳንዴ ጉሙ ውጭ ብቻ አይደለም፤ በተሳፋሪው ትንፋሽ መስታወቱ ከውስጥ ይደፈናል። የንፋሱን ማስተላለፊያ ወደ መስታወቱ አድርግ፣ መስኮትም ትንሽ ክፈት። ጥሩምባ ለመስማትም ይጠቅምሃል።

የምትቆመው በ20 እየሄድክም አራት መቁጠር ሲያቅትህ ነው። ዶፍ ሲሆንም ያው ነው፦ የዝናብ መጥረጊያው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ መስታወቱ ካልጠራ ቁም። ግን ያገኘኸው ቦታ ላይ አይደለም። ትከሻው ላይ ከቆምክ፣ እንዳንተው ዳሩን እያየ የሚመጣው ሹፌር ቀጥታ ይመጣብሃል። ቀስ እያልክ ማደያ፣ ከተማ ወይም የሚታጠፍ መንገድ ፈልግ። ኩርባ ላይ ፈጽሞ አትቁም። ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ርቀህ ከገባህ መብራትህን አጥፋ፣ እግርህን ከፍሬን አንሳ፤ አለዚያ መብራትህን መንገድ መስሎት የሚከተልህ ይኖራል።

መኪናው ተበላሽቶ ዳር ላይ ከቀረህ ግን አራቱን ፍሬቻ አብራ። ትሪያንግሉን ወደ ኋላ ቢያንስ 50 እርምጃ ወስደህ አስቀምጥ፤ ስትሄድ ከአስፋልቱ ውጭ ተራመድ። ተሳፋሪውን በቀኝ በር አውርደህ ከመንገዱ አርቀው። መኪናው ፊት ለፊት ማንም አይቁም፤ ከኋላ ከተመታ ወደፊት ይገፋል።

«ረፈደብን» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ገና መናኸሪያ ሳለህ፣ ጉም ከያዘን እንቆማለን ብለህ ንገራቸው። መንገድ ላይ ክርክሩ ይቀንስልሃል።